በእንተ ንብ ወሰም፦ በየኔታና በደቀ መዝሙራቸው መካከል የተደረገ ምልልስ

በአገው ምድር፣ ከእንጅባራ ከተማ የእግር መንገድ ርቆ በሚገኝ የባንጃ ደጋ፣ ቀርከሃ ለአጥርም ለጣሪያም ለመቀመጫም በሚውልበት ቀበሌ፣ በጥር ወር በአንድ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ፣ ፊደል ሲያስቈጥሩ የኖሩት ሽማግሌ መምህርና በልጅነቱ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ዳዊት የደገመው ወጣት ከወይራ ጥላ ሥር ሆነው የተነጋገሩትን፣ እኔም ከአጠገባቸው ተቀምጬ እንደ ሰማሁት እጽፈዋለሁ።

ወጣቱ፦ የኔታ፣ የመጣሁት ምክር ፍለጋ ነው። የአባቴ ርስት ለአምስት ልጆች ተከፍሎ ለእኔ የደረሰኝ አንድ ጥማድ እንኳ አይሞላም። ባልንጀሮቼ ግማሹ ወደ ከተማ፣ ግማሹ ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል። እኛ የቀረነው ተሰብስበን ምን እንሥራ ስንል የሚነገረን ሁሉ መብራት የሚጠይቅ ሆነብን፤ ወፍጮ ቢሉ መብራት፣ ጠጕር ቤት ቢሉ መብራት፣ ጽሕፈት ቤት ቢሉ መብራትና ኢንተርኔት። እኔ ስልኬን እንኳ የምሞላው በገበያ ቀን ከተማ ወርጄ ነው።

የኔታ፦ እንግዲያውስ ልጄ፣ መብራት የማይጠይቅ፣ ይልቁንም ራሱ በቤተ መቅደስ መብራት የሚሆን ነገር በዚህ ተራራ ላይ እያለ ለምን አትመለከተውም? ስለ ንብ እነግርሃለሁ፤ ነገር ግን ስለ ማሩ ብቻ አይደለም፤ ሰዎች ማሩን በልተው ስለሚጥሉት ስለ ሰሙ ጭምር ነው።

ወጣቱ፦ ንብ በቤታችን ነበረ፣ የኔታ። አባቴ በዛፍ ላይ በሰቀለው ቀፎ ማር ይቈርጥ ነበር፤ ነገር ግን በዓመት ከአንድ ቀፎ የሚገኘው አምስት ወይም ስድስት ኪሎ ነው፤ ሲቈረጥም ንቡ በጢስ ታፍኖ ግማሹ ያልቃል። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ ለማኅበራችን ዘመናዊ ሣጥን ቀፎ ተሰጥቶን ነበር። ቀፎው መጣ፤ ለሣጥኑ የሚያስፈልገው የሰም ማተሚያና ማሩን ከእንጀራው የሚያወጣው መዘውር ግን አልመጣም። ዛሬ ሣጥኖቹ የእህል ማስቀመጫ ሆነዋል።

የኔታ፦ የሆነው እንደዚያ ነው፤ ጥፋቱም የሣጥኑ አይደለም። ሣጥን ቀፎ ሙሉ መሣሪያና ዕውቀት ላለው ሰው ብዙ ማር ይሰጣል፤ መሣሪያው ከጐደለ ግን ከአባትህ ግንድ ያነሰ ነው። በሁለቱ መካከል ግን ሦስተኛ አለ፤ የሽግግር ቀፎ ይሉታል። እርሱን አንተ በገዛ እጅህ ከዚህ ከቀርከሃችን ልትሠራው ትችላለህ፤ የሚገዛው ነገር ጥቂት ሚስማርና ለአናቱ የሚደረደረው የተላገ እንጨት ብቻ ነው።

ወጣቱ፦ እንዴት ያለ ነው? ዐይቼው አላውቅም።

የኔታ፦ ገንዳ ይመስላል፤ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ነው። ርዝመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የላይ ስፋቱ 44፣ የታች ስፋቱ 20፣ ከፍታው 30 ይሁን። ጐኖቹ ወደ ውጭ ማዘንበላቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ንብ እንጀራዋን ከቆመ ግድግዳ ጋር ታጣብቃለች፣ ካዘነበለው ጋር ግን ብዙውን ጊዜ ስለማታጣብቅ እንጀራው ሳይሰበርና ሳይቀደድ ይነሣል። ቀርከሃውን ሰንጥቀህ እንደ ቅርጫት ትጐነጕነዋለህ፤ በውስጥም በውጭም በእበትና በአመድ በተለወሰ ጭቃ ትመርገዋለህ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በጥላ ሥር ይደርቃል። እርጥብ ሳለ ንብ አታስገባበት፤ እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣና ንቡን ያስኰበልላል። ከደረቀ በኋላ በወይራና በጥንጁት ታጥነዋለህ፤ ይህን አባቶችህም ያደርጉት ነበር።

በአናቱ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ 48 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም 28 እንጨት ጐን ለጐን ይደረደራል፤ የያንዳንዱም ስፋት 32 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ላይ ልብ አድርገህ ስማኝ፤ የሥራው ሁሉ ምሥጢር በዚህ ልክ ላይ ነው።

በዚህ ጊዜ የኔታ ከመቀነታቸው አንዲት አጭር የተላገች እንጨት አውጥተው በጣታቸው ዳሰሷት። አናጢው በልዩ ጥንቃቄ የሠራት፣ ስፋቷ 32 ሚሊ ሜትር የሆነች መለኪያ ነበረች፤ ብዙ ጊዜ ከመያዛቸው የተነሣ ጠርዟ ጠቍሯል።

ወጣቱ፦ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ምን ይጐዳል?

የኔታ፦ የእኛ አገር ንብ እንጀራዋን ስትሠራ፣ የእንጀራው ውፍረትና በሁለቱ እንጀራዎች መካከል ጀርባ ለጀርባ የምትተላለፍበት መንገድ ተደምረው 32 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። እንጨቱን 36 ብታደርገው የመጀመሪያው እንጀራ ከእንጨቱ መካከል ይጀመራል፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ግን ቀስ በቀስ እየሸሹ ሁለት እንጨት ያያይዛሉ። ከዚያ በኋላ አንዱን ልታነሣ ስትል ሌላው ይቀደዳል፤ ማር ይፈሳል፤ እጭ ይጨፈለቃል፤ ንቡም ይቈጣል። አንድ ጊዜ እንጨቶቹን በዓይን ግምት ቈርጬ ሳለ ይህ ደርሶብኛል፤ ያን ቀፎ በመከር ወራት እንደ አባቶቼ ግንድ በቢላ ቈራርጬ ማውጣት ግድ ሆነብኝ። እንግዲህ ለአናጢው የምትከፍለው ገንዘብ ቢኖርህ ለዚህ ክፈል። በያንዳንዱም እንጨት ከሥር በኩል መካከሉን ተከትለህ ቀጭን የቀለጠ ሰም መስመር አስምርበት፤ ንቢቱ በዚያ መስመር ላይ ትጀምራለች።

ወጣቱ፦ ንቡንስ ከየት አገኛለሁ? አንድ መንጋ ለመግዛት ብጠይቅ ዋጋው ከቀፎው ይበልጣል።

የኔታ፦ አትግዛው፤ ይመጣልሃል። ንብ በሚባዛበት ጊዜ፣ ይኸውም በመስከረምና በጥቅምት፣ ዳግመኛም በግንቦት ዝናብ ካገኘ በኋላ፣ አሮጊቱ አውራ ከመንጋዋ እኩሌታ ጋር ወጥታ አዲስ ቤት ትፈልጋለች። ያጠንኸውን ቀፎ በሰም ቀባ ቀባ አድርገህ በጥላና በነፋስ መከታ ዛፍ ላይ ብትሰቅለው፣ ከአራት አንዱ ወይም ሁለቱ ይያዛል። ሲመሽ አውርደህ ወደ ጓሮህ ትወስደዋለህ። ከመንገድና ከከብት በረት 50 እርምጃ ያህል ይራቅ፣ በዙሪያውም አጥር ወይም ቍጥቋጦ ይኑር፤ ንቦቹ ሲወጡ ከሰው ራስ በላይ እንዲበሩ ያስገድዳቸዋል። መደርደሪያውም እግር ይኑረው፤ እግሮቹን አመድ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ አቁማቸው፤ ጕንዳን በደረቅ አመድ ላይ አይወጣም። ዝናብ ያራሰው አመድ ግን ጥቅም የለውምና በየጊዜው ለውጠው።

ወጣቱ፦ እስከዚህ ገባኝ። ነገር ግን አባቴ እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ሳይሆን ንብ ይዞ ኖሯል፤ ማሩም ጥቂት ነበር። የእርስዎ ከየት በዛ?

የኔታ፦ ጥሩ ጠየቅህ። ማር የሚበዛው በመከር ጊዜ ሳይሆን በክረምት ነው ብልህ ይገርምሃልን? ዘመነ ጽጌን ታውቃለህ፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ አርባ ቀን። ቤተ ክርስቲያን ማኅሌተ ጽጌ በምትቆምበት በዚያው ሰሞን በሜዳው ላይ አደይ አበባ፣ ከዚህ ወደ ቈላው ስትወርድም ኑግ፣ ምድሩን ቢጫ ያለብሱታል። የዓመቱ ዋና ማር የሚገባው በእነዚህ ቀናት ነው። ንብ ግን ከእንቍላል እስከ ወጣት 20 ቀን ያህል ይፈጅባታል፤ ከዚያም በቤት ውስጥ እጭ ስትመግብ፣ እንጀራ ስትሠራ ሌላ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይታ ነው ወደ አበባ የምትወጣው። ከመስከረም 26 ወደ ኋላ ቍጠር፤ የት ትደርሳለህ?

ወጣቱ፦ (በጣቶቹ ቈጥሮ) ጳጉሜንን ጨምሮ... ወደ ነሐሴ አጋማሽ። ፍልሰታ ነው፣ የኔታ!

የኔታ፦ እርሱ ነው። በጽጌ አበባ የምትቀስመው ንብ በፍልሰታ የተጣለች እንቍላል ናት። እኛ ያን ጊዜ እንጾማለን፤ ንቦችህ ግን መጾም የለባቸውም። ዝናቡ ስለሚያስቀራቸው፣ አበባውም ስለሚርቃቸው፣ አውራዋ እንቍላል መጣል ታቆማለች፤ እንደዚያ ሆኖ አበባው ሲመጣ ቀፎው ባዶ ሆኖ ይቈያል፤ ሠራተኛው ሲደርስም አበባው ያልፋል። የአባትህ ንብ ያነሰው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ሊትር የፈላ ውኃ አሟምተህና አቀዝቅዘህ፣ ለአንድ ቀፎ ግማሽ ሊትር ያህል በሳምንት ሁለት ጊዜ ማታ ማታ በሳሕን አድርገህ በቀፎው ውስጥ አስቀምጥ። በላዩ ገለባ ጣል፤ ያለዚያ ይሰጥማሉ። በሌላ ሳሕን ደግሞ ደረቅ በሶ ወይም ሽሮ አኑር፤ እጩን የሚያሳድገው ያ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ መስከረም ሲገባ ስኳሩን አቁም፤ ሰው ስኳር ያቀመሰው ማር ይዞ ለገበያ ከቀረበ ማኅበራችሁ ሁሉ በአንድ ቀን ስሙ ይጠፋል።

ወጣቱ፦ ስኳር ውድ ሆኗል፤ ይህን የሚያስችል ገንዘብ የለኝም።

የኔታ፦ ለሁለት ቀፎ ሙሉ ወቅት ጥቂት ኪሎ ነው። ጅማሬህን ለዚህ ነው ትንሽ ማድረግ የሚገባህ፤ ሃያ ቀፎ ሰቅለህ ሁሉን ከምታስርብ ሁለቱን መግብ። ሌላም ምክንያት አለ። ይህ አካባቢ የሚያበቅለው አበባ የሚችለው መንጋ ቍጥር አለው። ቀፎዎች በአንድ ቦታ ሲበዙና ጠንካራው ደካማውን መዝረፍ ሲጀምር፣ በየቀፎው አፍ ላይ ንብ ከንብ ጋር ስትታገል ታያለህ፤ ያ ምልክት ነውና ከዚያ በላይ አትጨምር። ትርፍ ከፈለግህ በአንድ ቦታ ቀፎ አታብዛ፤ ወደ ሌላ ቀበሌ ውሰድ።

ወጣቱ፦ ማሩን መቼ ልቍረጥ?

የኔታ፦ ቀን አልነግርህም፤ እንጀራውን ተመልከት። ንብ ማር ሲበስል ጕድጓዱን በነጭ ሰም ታሽገዋለች። ከአንድ እንጀራ ሦስት አራተኛው የታሸገ ከሆነ ቍረጠው፤ ካልታሸገ ውኃው ያልደረቀ ነው፤ በዕቃ ውስጥ ሆኖ አረፋ ያነሣና ይጐመዝዛል። ማታ፣ ዝናብ በሌለበት ጊዜ፣ ከጐን ያሉትን እንጀራዎች ብቻ ውሰድ፤ በመካከል ያሉት የእጭ ናቸው፤ አትንካቸው። ከማሩም ሢሶውን ተውላቸው። ጢሱን አሳንስ፤ በብዙ ጢስ የተቈረጠ ማር ከማሰሮ ወጥቶም ጢስ ጢስ ይላል፤ የሚገዛው ሰው ያውቀዋል። ደረቅ እበት በቂ ነው። ዓይነ ርግብህን ከወንፊት ሽቦና ከጨርቅ መስፋት ትችላለህ።

ያመጣኸውን በንጹሕ ጨርቅ አድርገህ ጭመቀው፤ ማሩ በደረቅ ዕቃ ይውረድ። በብርድ ሲረጋ ሰው ስኳር ነው እያለ ያማሃል፤ መርጋት የማር ተፈጥሮ ነው። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ፣ እጅህ በሚችለው ሙቀት፣ ዕቃውን አቁመው፤ በእሳት ላይ ግን አታውጣው።

ወጣቱ፦ ከዚህ በኋላ ጨርቁ ውስጥ የሚቀረውን እናቴ ለዶሮ ትጥለው ነበር።

የኔታ፦ (እጃቸውን በጕልበታቸው ላይ መትተው) ያ ነው የሚያሳዝነኝ! እስቲ የእኔን ሥራ ልቍጠርልህ። ባለፈው ዓመት አራት ቀፎ ነበረኝ፤ አንዱ በክረምት ኰበለለ፤ ከሦስቱ 36 ኪሎ የማር እንጀራ ቈረጥሁ። ሲጨመቅ 32 ኪሎ ማር ሆነ፤ ከቀረውም 3 ኪሎ ንጹሕ ሰም ወጣ። ያንኑ 36 ኪሎ ከነሰፈፉ ለጠጅ ቤት ሸጬው ቢሆን ኖሮ ሰሙን በማር ዋጋ፣ ማሩንም በድፍርስ ዋጋ በሰጠሁ ነበር።

ወጣቱ፦ ሰሙን በምን አወጡት?

የኔታ፦ በውኃና በማገዶ። የተጨመቀውን ሰፈፍ በማዳበሪያ ጆንያ አስረህ፣ ድንጋይ ጨምረህ፣ ውኃ በሞላ ድስት ውስጥ አስጥመው። ሰም በ63 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ውኃው ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንስ። በእንጨት እየጫንህ ስታዞረው ሰሙ በጆንያው ቀዳዳ ወጥቶ ይንሳፈፋል። ከዚያ በኋላ አትቸኵል፤ ድስቱን ከእሳት አውርደህ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፤ እስኪነጋ ቀስ ብሎ ይብረድ። በፍጥነት የበረደ ሰም ይሰነጠቃል፤ ቈሻሻውም በውስጡ ይቀራል። ጧት እንደ ቂጣ የረጋውን ታነሣና ከሥሩ የተጣበቀውን ጥቍር ደለል በቢላ ትፍቃለህ። ውኃው የዝናብ ቢሆን ይሻላል፤ ድስቱም የዛገ ብረት አይሁን፤ ሰሙን ያጠቍረዋል። ያለ ውኃ በቀጥታ በእሳት ላይ ማቅለጥን ደግሞ ፈጽሞ አትሞክር፤ ሰም ይነድዳል።

ይህን ለመጀመር የራስህ ንብ እንኳ አያስፈልግህም። በእንጅባራ ከተማ ያሉ ጠጅ ቤቶች ጠጁ ሲጠራ የሚንሳፈፈውን ሰፈፍ በየጊዜው ያወጣሉ፤ ብዙዎቹ ይጥሉታል። አንድ ጆንያ ይዘህ በየሳምንቱ ገበያ ስትወርድ ጠይቅ። ቀፎህ እስኪያዝ ድረስ ከዚያ ሰፈፍ ሰም እያወጣህ ተማር።

ወጣቱ፦ ሰሙን ለማን እሸጣለሁ?

የኔታ፦ ንጹሑን ሰም በጅምላ የሚገዛ ነጋዴ አለ፤ እኔ ግን ጧፍ እሠራበታለሁ። ጥጡን እናትህ ትፈትለዋለች፤ ፈትሉን ወጥረህ በቀለጠ ሰም ውስጥ እየነከርህ ታወጣለህ፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ገና። ስምንት፣ ዐሥር ጊዜ ይነከራል፤ በመጨረሻም በለሰለሰ ሰሌዳ ላይ ታንከባልለዋለህ። አንዱ ጧፍ 25 ግራም ሰም ቢወስድ ከኪሎ 40 ይወጣል፤ ከእኔ ሦስት ኪሎም 120 ማለት ነው። ገበያውም የተጻፈ ነው፤ ከግድግዳህ ባሕረ ሐሳብ ብታነብ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ ለበዓለ ጥምቀትና ለትንሣኤ ምን ያህል ሰው እንደሚመጣ በአጥቢያህ ታውቀዋለህ። ይህን ለማወቅ ኢንተርኔት አያሻህም።

ወጣቱ፦ ከከተማ የሚመጣው ነጭ ሻማ ግን ረክሷል።

የኔታ፦ እርሱ ከነዳጅ የሚወጣ ፓራፊን ነው። የእኛው ሰም ቢጫ ነው፤ ሲሰበር እንደ ሸካራ ድንጋይ ይቈረሳል፤ ሲያኝኩትም ይበጣጠሳል፤ ፓራፊኑ ግን ይቀባል፤ ውስጡም ያሳያል። በርካሹ ዋጋ ልትወዳደረው አትሞክር፤ ትሸነፋለህ። ሰሙን ለሚፈልገው ሰው ብቻ ሽጥ፤ ከፓራፊን ጋር የቀላቀልህ ቀን ግን ያ ሰው ይተውሃል።

ወጣቱ፦ ይህ ሁሉ ሲሆን ንቡ አንድ ቀን ቢሞትብኝስ? ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን መድኃኒት ሲረጭ ንብ ሲያልቅ አየሁ።

የኔታ፦ በቀፎው አፍ ላይ በድንገት የተከመረች፣ ምላሷን ያወጣች ንብ ካየህ መርዝ ነው። ሕመም ሁሉ ቀስ ይላል፤ መርዝ ግን በአንድ ቀን ይከምራል። መድኃኒቱ ንግግር ነው፤ ከመዝራት በፊት ጎረቤትህን በቡና ላይ ጠይቀው፤ በሰብሉ አበባ ላይ እንዳይረጭ፣ ከረጨም ከመሸ በኋላ እንዲያደርገው፣ አንድ ቀንም ቀድሞ እንዲነግርህ። ሲነግርህ በማታ አፉን በወንፊት ሽቦ ዘግተህ፣ ነፋስ እንዲገባ አድርገህ፣ በማግስቱ ታቈያቸዋለህ። የማይነግር ጎረቤት ካለ ግን ቀፎህን አዛውር። የመጀመሪያውን እንጀራ ለጎረቤትህ መስጠት ቁም ነገር ነው፤ ማር የቀመሰ ሰው ንቡን የራሱ ያህል ይጠብቃል።

ወጣቱ፦ ሌላስ የሚያጠፋው?

የኔታ፦ ብል። በሰም ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያደራ ነጭ ትል ካየህ እርሱ ነው። ጠንካራ መንጋን አይደፍርም፤ የሚያገኘው በተዳከመው ውስጥ ነው። ስለዚህ የተረፈ ባዶ እንጀራ በቀፎ ውስጥ አታቈይ፤ አውጥተህ አቅልጠው።

በዚህ ጊዜ ጥላው ዞሮ ፀሐይ ስላረፈችባቸው ሁለቱም ጥቂት ፈቀቅ አሉ። ወጣቱ ሲያሰላስል ቈይቶ እንዲህ አለ።

ወጣቱ፦ የኔታ፣ ቀርከሃውን አሁን በጥር ልቍረጠው ወይስ ዝናብ ይጠብቅ?

የኔታ፦ አሁን ቍረጠው፤ በበጋ የተቈረጠ ቀርከሃ ነቀዝ ብዙም አይበላውም። ሦስት ዓመት ያለፈውን ምረጥ፤ ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል። ሁለት ቀፎ ብቻ ጐንጕን፤ በየካቲት ምረገው፤ በግንቦት ትሰቅለዋለህ።

መለኪያዋን እንጨት ከእጃቸው አውጥተው ሰጡት። ወጣቱ ከአውራ ጣቱ ጋር አስተያይቶ በኪሱ ከተታትና፣ የአናቱን እንጨት የሚቈርጥለት አናጢ ማን እንደ ሆነ ጠየቃቸው።